የተደበቀው ፖል፦ የፊቦናቺን ድርድር በዚ-ትራንስፎርም መፍታት

(ለኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች በአንድ የማታ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከጥቂት እርማት በቀር እንደተናገርኩት አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? ጥሩ። በዚህ ሰዓት፣ ከክፍልና ከላብ በኋላ፣ ሒሳብ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ። ካልኩሌተር ያላችሁም እንደዚያው። ዛሬ አብረን እንሠራለን።

የማወራው ስለ አንድ የቁጥር ድርድር ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 0፣ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55 እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። የፒዛው ሊዮናርዶ፣ ፊቦናቺ የምንለው ሰው፣ በ1202 የጥንቸል እርባታ ጥያቄ አድርጎ አቀረበው። ከእሱ በፊትም የህንድ ሊቃውንት የግጥም ምጣኔ ሲቆጥሩ ደርሰውበታል። አጭሩን ቀለም አንድ ምት፣ ረጅሙን ሁለት ምት ካልን፣ በተወሰነ ምት ውስጥ ስንት ዓይነት ስንኝ ይደረደራል? መልሱ ይሄው ድርድር ነው።

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ፣ ድርድሩን በዚ-ትራንስፎርም እንፈታዋለን። ሁለተኛ፣ ተማሪ የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች አሳያችኋለሁ። ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። መልሱ ውስጥ ስለተደበቀ አንድ ፖል እነግራችኋለሁ። እሱን እስክረዳ ድረስ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

እንጀምር። ሕጉ ይሄ ነው፦

f(n+2) = f(n+1) + f(n),  f(0) = 0,  f(1) = 1

100ኛውን ቁጥር ብጠይቃችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እየደመራችሁ ትሄዳላችሁ። 99ኛው ሳይገኝ 100ኛው አይገኝም። እኛ የምንፈልገው n ላይ ቁጥር ከተን በቀጥታ መልስ የሚሰጠንን ቀመር ነው።

ዚ-ትራንስፎርም ምን ያደርጋል? ለእያንዳንዱ ቁጥር የተራ ቁጥሩን ያንጠለጥልለታል። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ላይ ይደምራል፦

F(z) = f(0) + f(1)z⁻¹ + f(2)z⁻² + f(3)z⁻³ + …

z⁻¹ን «አንድ ርምጃ ዘግይ» ብላችሁ አንብቡት። z⁻² ደግሞ «ሁለት ርምጃ ዘግይ» ነው። ማለቂያ የሌለው ሰልፍ አንድ ነገር ሆነ ማለት ነው። ስሙም F(z) ነው። ዘዴው በተለያየ መልክ ቀድሞም ነበር። የዛሬ ስሙን ያገኘው ግን በ1952 ነው፤ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ራጋዚኒና ዛዴህ ስለ ናሙናዊ ሲግናሎች በጻፉት ሥራ።

አሁን ሰልፉን አንድ ሰው እናስጠጋው። f(0) ከሰልፉ ይውጣና ሰልፉ ከf(1) ይጀምር። የአዲሱ ሰልፍ ትራንስፎርም ምን ይሆናል? መጀመሪያ f(0)ን ከF ላይ ቀንሱ። የቀረው ሁሉ አንድ ርምጃ ዘግይቶ የቆመ ስለሆነ በz አባዙት፦

f(n+1) → zF − z·f(0)

አንድ ጊዜ እንደገና እናስጠጋ፦

f(n+2) → z²F − z²·f(0) − z·f(1)

እነዚህን ሁለት መስመሮች በደንብ እዩልኝ። f(0) እና f(1) በራሳቸው ጊዜ ገቡ። ማንም አልጠራቸውም። ይሄ ነገር በኋላ ይፈለጋል።

የእኛን ቁጥሮች እናስገባ። f(0) ዜሮ ነው፣ f(1) አንድ ነው። ሕጋችን እንዲህ ይሆናል፦

z²F − z = zF + F

F ያለበትን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ስንሰበስብ፦

F(z) = z / (z² − z − 1)

ማለቂያ የሌለው ድርድር ይቺ ውስጥ ገባ። ታምናላችሁ? እኔ መጀመሪያ ሳይ አላመንኩም። ስለዚህ እንፈትናት። ካልኩሌተር ያላችሁ z ላይ 10 ክተቱ። 10 ሲካፈል ለ89 ይመጣል። ስንት አላችሁ? 0.11235955… አዎ! ከነጥቡ በኋላ አንብቡት፤ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5። ቀጥሎ 8 መምጣት ነበረበት፣ የመጣው ግን 9 ነው። ለምን? 13 ሁለት አኃዝ ስለሆነ አንዱ ወደ ግራ ተሻግሮ 8 ላይ ተደመረ። ድርድሩ እዚያው አለ፣ ተነባብሮ ነው።

እስኪ ደግሞ z ላይ 1 ክተቱ። 1 ሲካፈል ለ(1 − 1 − 1)። መልሱ −1 ነው። ቆይ! z አንድ ከሆነ F ማለት 0 + 1 + 1 + 2 + 3 + 5 ማለት አይደለም? የአዎንታዊ ቁጥሮች ድምር እንዴት −1 ይሆናል? አይሆንም። እዚያ ጋ ድምሩ ራሱ የለም። ቀመሯ መልስ ሰጠች ማለት ድምሩ አለ ማለት አይደለም። ድምሩ የሚኖረው z በመጠኑ ከ1.618 ሲበልጥ ብቻ ነው። መጻሕፍት የመሰብሰቢያ ክልል የሚሉት ይሄንን ነው። ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ ይጽፈዋል እንጂ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። −1ን ያየ ሰው ግን አይረሳውም።

ወደ ስሌቱ እንመለስ። ታህቱን ዜሮ የሚያደርጉት የz ዋጋዎች ፖል ይባላሉ። z² − z − 1 = 0ን በኳድራቲክ ፎርሙላ ፍቱት፦

p = (1 + √5)/2 ≈ 1.618
q = (1 − √5)/2 ≈ −0.618

አሁን ፓርሻል ፍራክሽን እንሥራ። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። Fን በቀጥታ አትበትኑት። መጀመሪያ ለz አካፍሉት፦

F/z = 1/((z − p)(z − q)) = (1/√5)·[1/(z − p) − 1/(z − q)]

√5 ከየት መጣ? p ሲቀነስ q ነው። ቀጥሎ በz መልሳችሁ አባዙ፦

F = (1/√5)·[z/(z − p) − z/(z − q)]

ለምን ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም? ምክንያቱም z/(z − a) የምናውቀው መልክ ነው። 1፣ a፣ a²፣ a³ እያለ የሚሄደው ድርድር ትራንስፎርሙ እሱ ነው። ላዕሉ ላይ ያለው z ከጎደለ ድርድሩ አንድ ርምጃ ይዘገያል። ይሄንን ያልተጠነቀቀ ተማሪ መልሱ አንድ ቦታ ይንሸራተትበታል። ድርድሩ በ0 ፋንታ በ1 ይጀምርና 1፣ 1፣ 2፣ 3 ይልለታል። እንዴት ይታወቃል? n ላይ 0 ክተቱ። 0 ካልመጣ ተንሸራትቷል።

እንግዲህ መልሱ፦

f(n) = (pⁿ − qⁿ)/√5

ቢኔ በ1843 ያሳተመው ቀመር ይሄ ነው። ስሙ ለእሱ ይሰጥ እንጂ ደ ሞይቨር መቶ ዓመት ቀድሞ ያውቀው ነበር። በ10 እንፈትነው። p ለ10 ሲነሳ 122.992 ገደማ ነው። ለ√5 ሲካፈል 55.0036 ይመጣል። የq ድርሻ ደግሞ 0.0036 ነው። ሲቀናነሱ 55። ልክ 55! √5 የተሞላበት ቀመር ሙሉ ቁጥር ብቻ ያወጣል። q ያቺን ትርፍራፊ ለመጥረግ ነው ያለው።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ይሄን እኮ rⁿ ብዬ ገምቼ በሁለት መስመር እጨርሰው ነበር» እያላችሁ ነው። እውነት ነው፣ ይቻላል። ታዲያ ዚ-ትራንስፎርም ምን ጨመረልን? ይሄን ለመመለስ አንድ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ይሄው ጥያቄ ፈተና ላይ መጣ። ቸኩዬ ነበር። f(n+2)ን z²F፣ f(n+1)ን zF ብዬ ብቻ ጻፍኩ። f(0) እና f(1)ን ረሳኋቸው። F(z² − z − 1) = 0 መጣልኝ። ስለዚህ F ዜሮ ነው ብዬ ጨረስኩ። መምህራችን ቢሮአቸው አስጠርተውኝ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጉት። 

«ይሄ የአንተ መልስ ነው?»

«አዎ፣ መምህር።»

«ስህተት ነው ብዬ እንዳልቀጣህ ልክ ነው። 0፣ 0፣ 0፣ 0። ሁለቱን ፊተኞች ደምረህ ሦስተኛውን ታገኛለህ። ሕጉ ተከብሯል።» 

ትንሽ ዝም አሉና ጣታቸውን ላዕሉ ላይ አሳረፉ። «ሕጉ ከታች ነው። አነሳሱ ከላይ ነው። አንተ ከላይ ምንም አልሰጠኸውም።»

ሕጉ ከታች፣ አነሳሱ ከላይ። ይቺን ያዙልኝ። ለማንኛውም f(0) እና f(1) ስሌቱን ብትሠሩት እንዲህ ይመጣል፦

F(z) = z·[f(0)·z + f(1) − f(0)] / (z² − z − 1)

ታህቱ አይነቃነቅም። በ2 እና በ1 ብትጀምሩ 2፣ 1፣ 3፣ 4፣ 7፣ 11 የሚለውን የሉካስ ድርድር ታገኛላችሁ። ቀመሩም pⁿ + qⁿ ይሆናል። ፖሎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው ላዕሉ ብቻ ነው። ከየትም ብትነሱ መልሱ የሁለት ነገሮች ቅልቅል ነው። አንዱ በየርምጃው 1.618 ጊዜ ያድጋል። ሌላው ምልክቱን እየለዋወጠ ይሟሽሻል። አነሳሳችሁ የሚወስነው የየአንዳንዱን መጠን ነው።

አሁን ሦስተኛው ነገር ላይ ደረስን። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የሚያድገውን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል? የሚሟሽሸው ብቻ እንዲቀር ማለቴ ነው። ላዕሉን እዩት። f(0)ን 1፣ f(1)ን q ብናደርግ ቅንፉ ውስጥ z + q − 1 ይመጣል። q − 1 ደግሞ ከ−p ጋር እኩል ነው። ስለዚህ፦

F(z) = z(z − p) / ((z − p)(z − q)) = z/(z − q)

ተሰራረዘ! ላዕሉን ዜሮ የሚያደርገው የz ዋጋ ራሱ «ዜሮ» ይባላል። ከላይ ያለው ዜሮ ከታች ያለውን ፖል በላው። የቀረው 1፣ q፣ q²፣ q³ ነው። ወደ ዜሮ የሚወርድ፣ ሰላማዊ ድርድር። በወረቀት ላይ ያለ ጥርጥር ልክ ነው።

በተማሪነቴ ይሄን ያገኘሁ ቀን በጣም ደስ አለኝ። ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ሻማ አበራን። እሱ ካልኩሌተሩን ይዞ ይደምራል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። qን −0.618 ብለን በሦስት አኃዝ ጀመርን። ይሄውላችሁ ያን ማታ የጻፍኩት፦

1፣ −0.618፣ 0.382፣ −0.236፣ 0.146፣ −0.090፣ 0.056፣ −0.034፣ 0.022፣ −0.012፣ 0.010፣ −0.002…

ያምራል አይደል? አንዴ ፕላስ አንዴ ማይነስ እያለ እየቀነሰ ይወርዳል። እኔም «አየህ፣ ዜሮ ሊገባ ነው» አልኩት። ጓደኛዬ መጥራቱን ቀጠለ፦

0.008፣ 0.006፣ 0.014፣ 0.020፣ 0.034፣ 0.054፣ 0.088…

«ቆይ፣ ማይነሱስ?» አልኩት። «የለም» አለ። የተሳሳተ ቁልፍ ነክቶ ይሆናል ብለን ከመጀመሪያው ደገምነው። ያው መጣ። ሦስተኛ ጊዜ እኔ ራሴ ይዤ ደመርኩ። አሁንም ያው። 34፣ 54፣ 88፣ 142። ልትሞት የነበረች ድርድር ተነስታ ማደግ ጀመረች። አንዱን ለፊተኛው ስናካፍለው 1.6 ምናምን ይመጣል። ጠፋ ያልነው p ተመልሶ መጣ!

ከየት መጣ? ሒሳቡ ልክ ነበር። ድምሩም ልክ ነበር። ስህተቱ −0.618 ላይ ነው። እውነተኛው q −0.6180339887… ነው። ልዩነቱ 0.000034 ብቻ ነው። ከላይ ያለው ዜሮ 1.618 ላይ ተቀመጠ፣ ከታች ያለው ፖል ግን 1.6180339… ላይ ነው። ሊገናኙ ጥቂት ቀራቸው፣ ግን አልተገናኙም። ስለዚህ አልተሰራረዙም። የp ድርሻ ዜሮ መሆኑ ቀርቶ ልዩነቱ ለ√5 ተካፍሎ ቀረ። 0.000015 ገደማ። ማን ያየዋል? ግን በየርምጃው 1.618 ጊዜ ያድጋል። የq ድርሻ ደግሞ በየርምጃው ይሳሳል። 11ኛውና 12ኛው ርምጃ አካባቢ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ ሜዳው የp ሆነ።

አኃዝ ብንጨምርስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ስሌቱ እንደሚያሳየው አንድ ተጨማሪ አኃዝ ሁለት ርምጃ ከምናምን ብቻ ነው የሚገዛላችሁ። −0.618034 ብትሉ እስከ 20ኛው ርምጃ ገደማ ትሄዳላችሁ። ኮምፒውተር 16 አኃዝ ገደማ ይይዛል። እሱም 40ኛው አካባቢ ላይ ይሸነፋል። አኃዝ መጨመር ቀኑን ያራዝመዋል እንጂ አያስቀረውም። ምክንያቱም √5 በአኃዝ አያልቅም። ታህቱ ላይ ያለው ፖልም ከሕጉ አልወጣም። የሰረዝነው ወረቀት ላይ ነው።

ይሄ የተማሪ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማታ አላስቀምጣችሁም ነበር። ከዓመታት በኋላ በሥራ ዓለም ያንኑ ታሪክ አየሁት። ለአንድ ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ እየነደፍን ነበር። የሞተሩ ሞዴል አንድ ፖሉ ከዩኒት ሰርክል ትንሽ ወጣ ያለ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባችን መቆጣጠሪያው ውስጥ ልክ እዚያው ቦታ ላይ ዜሮ አስቀመጠ። ስክሪኑ ላይ ያለው ውጤት ለስላሳ ሆነ። ሰዉ ሁሉ ወደደው። እኔ ግን ያ የሻማ ማታ ትዝ አለኝ። «እስኪ ሲሙሌሽኑን ሳታቆሙ አስረዝሙት» አልኩ። አስረዘሙት። መስመሩ ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ። ከዚያ ከስክሪኑ ወጣ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ላዕልና ታህት ላይ አንድ ዓይነት ነገር አይታችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት ጠይቁ። ይሄ ፖል የት ነው ያለው? መጠኑ ከ1 ያነሰ ነው ወይስ የበለጠ? ካነሰ ጉዳት የለውም። ትንሿ ስህተት ራሷ ትሟሽሻለች። ከበለጠ ግን አትሰርዙት። ስትሰርዙት ከዓይናችሁ ነው የሚጠፋው፣ ከሲስተሙ አይደለም። ገምቶ ከመፍታት ይልቅ ዚ-ትራንስፎርምን የምወደው ለዚህ ነው። ፖሉንና ዜሮውን ለየብቻ፣ ከታችና ከላይ አስቀምጦ ያሳየኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀመሩን ኮምፒውተር ላይ ለምትጠቀሙ። f(n) = (pⁿ − qⁿ)/√5 በተለመደው ባለ 16 አኃዝ ስሌት ትልልቅ n ላይ ይስታል። f(79) 14472334024676221 ነው። ይሄ ባለ 17 አኃዝ ጎዶሎ ቁጥር ከ2⁵³ ስለሚበልጥ በዚያ ዓይነት ቁጥር በትክክል ሊጻፍ ራሱ አይችልም። ትክክለኛውን ሙሉ ቁጥር ስትፈልጉ በሙሉ ቁጥር ደምሩ። ቀመሩ የሚያገለግለው ድርድሩ እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ ነው።

አሁን ላፕቶፕ የያዛችሁ ክፈቱልኝ። ይቺን ጻፉ፦

```
a, b = 1.0, (1 - 5**0.5) / 2
for n in range(80):
    print(n, a)
    a, b = b, a + b
```

የመጀመሪያው ዓምድ ተራ ቁጥሩ ነው። ሁለተኛውን ዓምድ ወደ ታች እያያችሁ ውረዱ። አንዴ ፕላስ አንዴ ማይነስ ይላል። የሆነ መስመር ላይ ግን ይሄ ይቆማል። እኔ 40 ግድም እጠብቃለሁ። ማነው ቀድሞ ያገኘው? እዚያ መስኮቱ ጋ ያለሽው፣ አዎ አንቺ፣ ስንተኛው መስመር ላይ ነው? ጮክ ብለሽ ንገሪን።